በችርቻሮ የተፈተሸችው ቴሲስ

እኔ የሰው እንግሊዝኛ ሳርም ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጎንደር ላይ ማስተርስ የሚማር ሁሉ ቴሲሱን ከማስገባቱ በፊት ቋንቋ የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። «ቋንቋዋን ብቻ ቢያዩልኝ» ይላል፣ ጨው ብቻ የጎደላት ወጥ ይመስል። ክዳኑን ስትከፍቱት ግን ሽንኩርቱም ገና አልበሰለም። እኔም መጀመሪያ እቆጣለሁ፣ ጊዜ የለኝም እላለሁ፣ ከዚያ ፍላሹን ተቀብዬ ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ቁጣሽ ለይስሙላ ነው ይለኝ ነበር። ውሸቱን አልነበረም።

ጤና ላይ የሚማሩትን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የቋንቋ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ቴሲስ የሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥም አስገብተውኛል። ኮሚቴው አንድ ደንብ አለው። አባል የሆነ መምህር፣ እሱ ራሱ የሚፈርድበትን ቴሲስ ቀድሞ አያርምም። ደንቡን ያላፈረሰ መምህር ካለ እኔ አላውቀውም። ሁላችንም እናርማለን፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። በፊተኛው ዓመት ግን አንድ ባልደረባችን በዚሁ ተወርቶበት ከማስተርስ ክፍል ወጥቶ የመጀመሪያ ዓመቶችን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ተደርጎ ተመደበ። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ ስንቀበል ወዲያና ወዲህ እያየን ሆነ።

ልጅቱ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ልጅ እላታለሁ እንጂ ሠላሳውን ያለፈች፣ ከደባርቅ በላይ ጉም የማይለቀው ደጋ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ዓመታት ያዋለደች አዋላጅ ነርስ ናት። ወረዳው ሁለት ዓመት ፈቅዶላት ለማስተርስ መጥታለች። ፈቃዱ የሚያበቃው ሰኔ መጨረሻ ነው። ዲግሪውን ይዛ ከተመለሰች የጤና ጣቢያው ኃላፊ ትሆናለች፣ ካልያዘች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት በደብዳቤ ነግረዋታል። ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፋ ይዛው ነበር የምትዞረው።

ማራኪ ሰፈር ካለችው ቤቴ ድረስ መጣች። ከፍላሹ ጋር ሦስት ደብተር ይዛለች። እናቶች ለመውለድ ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ፣ ከመንደር መንደር በእግሯ ሄዳ ጠይቃ በእጇ የጻፈችው ነው። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንዱ ገጽ ላይ ያለው ቀለም በውሃ ፈስሷል። ምነው ይህ ምን ነክቶት ነው ስላት፣ አንድ ወንዝ ስትሻገር ወድቃ እንደሆነ ሳቅ ብላ ነገረችኝ። እኔ ቁጣዬን ያን ቀን ከየት ላምጣው? ፍላሹን ተቀበልኩ።

ቴሲሷ ጥሩ ነበረች። ከቃለ መጠይቁ የወጣው ምዕራፍ ረጅም ነው፣ ሰዋስዉ እዚህም እዚያም ይሰበራል፣ ግን ሰው አለበት። አብስትራክቱ ግን ከሚፈቀደው እጥፍ ሆኖ ነበር። ይህ አብስትራክት የሚባለው ነገር የጥናቱ ጭማቂ ነው፤ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ፣ በቃ፣ በአንድ አንቀጽ። እኔ ደግሞ መቁረጥ ስጀምር አልመለስም። «በእኔ ልምድ እንዳየሁት» የሚለውን ቆረጥኩ። የወንዙን ነገር ቆረጥኩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። በመጨረሻ ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል አንቀጽ ወጣ። ማንም ሊጽፈው የሚችል መሆኑን ያን ጊዜ እንደ ሙያ ነበር የቆጠርኩት። የውይይቱን ምዕራፍ መግቢያም እንዲሁ አድርጌ ላጨሁት።

አንድ ያልነካሁት ነገር መጨረሻ ላይ ያለው የምክረ ሐሳብ ዝርዝር ነው። ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ለእናቶች ማቆያ ቤት ብርድ ልብስ ይቅረብ፣ ማገዶ ይቅረብ፣ ለአጃቢ ሰው መተኛ ይዘጋጅ፣ ሌሊት የሚወልዱትን የሚጠብቅ ተረኛ ይመደብ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ዘጠኙንም ራሷ ነች የጻፈቻቸው። አንድም ቃል አልቀየርኩም፣ የሚቀየር አልነበረውም። የዞኑ ጤና መምሪያ ሲጠናቀቅ ላኪልን፣ እናነበዋለን ብሏት ነበር። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር። ለማስተርሱ ሳይሆን ለዚያ ዝርዝር ብላ የተማረች እስኪመስለኝ ድረስ።

ሳርም እርማቱ በቀይ እንዲታይ አድርጌ ነበር። እሷ የጻፈችው በጥቁር፣ የእኔ በቀይ፣ ከቀዩ ጎን ደግሞ ስሜ። ስጨርስ ቀዩን ሁሉ ተቀብዬ ንጹሑን ቅጂ በራሷ ፋይል ላይ ገልብጬ ፍላሹን መለስኩላት። ባለቀዩ ይዤው በምዞረው ኮምፒውተሬ ላይ እንደቀረ ነገርኳት።

አሁን ስለ ፍተሻው ልናገር። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ቀደም ሲል ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤአይ የሚባለው ማሽን የጻፈው ቴሲስ አልፎ፣ ከውጭ የመጣው ፈታኝ በሁላችን ፊት አሳፍሮታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት ሆነ። በነጻ የሚሠራ መመርመሪያ ድረ ገጽ ተገኘ። ጽሑፉን ትለጥፋላችሁ፣ ይህን ያህል በመቶ ኤአይ ነው ብሎ ቀይ ወይም አረንጓዴ ያበራል። ነጻ ስለሆነ ብዙ አይቀበልም። መብራትና ኔትወርክ ደግሞ የጎንደርን ታውቃላችሁ፣ ረዘም ያለ ነገር ሲለጠፍ ገጹ ይደርቃል። ስለዚህ የቢሮው ጸሐፊ፣ ጠንቃቃ ሴት ናት፣ ቴሲሱን አንቀጽ በአንቀጽ እየቆራረጠች መለጠፍ ጀመረች። ኃላፊያችን ይህን ሲያይ ደስ አለው። በረጅም ጽሑፍ መሃል ማንም ሊደበቅ አይችልም፣ እኛ በጅምላ ሳይሆን በችርቻሮ ነው የምንፈትሸው እያለ በየስብሰባው ይኮራ ነበር። እኛም ጎበዝ ብለን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

የልጅቱ ውጤት የመጣ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኃላፊው፣ እኔ፣ ከጤና በኩል አንድ ዝምተኛ ዶክተር፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ። ኃላፊው ሦስት ቦታ ቀይ የበራበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አብስትራክቱ፣ የውይይቱ መግቢያ፣ የምክረ ሐሳቡ ዝርዝር። ሁለቱ የእኔ እጅ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የእሷ የራሷ ነው።

ተጠርታ ገባች። ወንበር ስጧት እንኳን ያለ የለም፣ እኔም አላልኩም። ኃላፊው በትሕትና ነው የጠየቃት። ኤአይ ተጠቅመሻል ወይ አላት። አልተጠቀምኩም አለች። ታዲያ እንግሊዝኛው እዚህ ቦታ ለምን እንዲህ ተቀየረ፣ ሌላው ቦታ ይሰበራል፣ እዚህ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል አላት። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቃት።

«ቋንቋውን ያየልሽ ሰው አለ?»

እኔን አላየችኝም። ወለሉን ነው ያየችው።

«ማንም የለም» አለች። «ራሴ ነኝ።»

አፈር በበላሁ ያን ጊዜ። እኔን ለማዳን ብላ ራሷን ጉድጓድ ውስጥ ጣለች፤ ያየላት ሰው ከሌለ እንግሊዝኛው ከየት መጣ? ከማሽን። የኃላፊው ፊት ላይ ይህ ሲጻፍ ቁጭ ብዬ አየሁት። አፌን ከፈትኩ፣ ግን የወጣው እሱ አልነበረም። ድረ ገጹ ራሱ ከታች በትንንሽ ፊደል አጭር ጽሑፍ ላይ የሚሰጠው ውጤት አያስተማምንም ይላል፣ እኛ ደግሞ ቆራርጠን ሁሉንም አጭር አድርገነዋል አልኩ። ኃላፊው ሰምቶኛል። ታዲያ ረጅሙ ምዕራፍም ተቆራርጦ ነው የገባው፣ እሱ ለምን አረንጓዴ ሆነ አለኝ። መልሱን በዚያ ሰዓት አላውቀውም ነበር።

እሷ ግን ከወለሉ ቀና ብላ ተናገረች።

«እኛ የፅንስ ልብ ምት ስንሰማ አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው የምንቆጥረው» አለች። «አምስት ሴኮንድ ሰምቼ ብወስን፣ ደህናውን ታሟል እላለሁ፣ የታመመውንም ደህና ነው እላለሁ። ዘጠኝ መስመር ሰምታችሁ ነው የፈረዳችሁብኝ።»

ዶክተሩ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ውሳኔው ግን በዐሥር ቀን ውስጥ ሦስቱን ቦታ እንደገና ጽፋ እንድታመጣ፣ በዚሁ መንገድ እንደገና እንዲፈተሽ፣ ቀይ ከበራ ዲፌንሷ፣ ፈታኝ ፊት ቆማ ቴሲሷን የምትከላከልበት ቀን፣ ወደሚመጣው ዓመት እንዲዘዋወር ሆነ። ወደሚመጣው ዓመት ማለት ለእሷ ቀረ ማለት ነው። ጸሐፊዋ ጻፈች፣ ሁላችንም ፈረምን። የእኔም ፊርማ አለበት።

በማግስቱ ጠዋት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋን ያንን ድረ ገጽ ክፈቺልኝ አልኳት። መጀመሪያ ረጅሙን ምዕራፍ፣ ገጹ የሚቀበለውን ያህል ሞልተን ለጠፍን። አረንጓዴ፣ የሰው ነው አለ። ከዚያው ምዕራፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቆርጠን ለጠፍን። ቀይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን፣ አረንጓዴ። የጨመርነውን ትተን ሌላ ጨመርን፣ ቀይ። ያው ሰው፣ ያው ብዕር፣ ያው ወንዝ። ጸሐፊዋ ኤዲያ ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

እኔ የገባኝ ያህል ነገሩ እንዲህ ነው። መመርመሪያው ማን እንደጻፈ አያይም። የሚያየው እያንዳንዱ ቃል ከፊቱ ካሉት ቃላት ቀጥሎ ቢመጣ ምን ያህል የሚጠበቅ እንደሆነ ነው። ኤአይ የሚጠበቀውን እየመረጠ ስለሚሄድ ጽሑፉ ለስላሳ ይሆናል። ሰው ግን ይወላገዳል፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ያስረዝማል፣ ሌላውን በአጭሩ ይቆርጣል፣ ማንም ያላሰበውን ቃል ጣል ያደርጋል። ይህ መወላገድ በበቂ መጠን ተጠራቅሞ እንዲታይ ደግሞ ጽሑፉ ረዘም ማለት አለበት። በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ቃል ፍርዱን ወዲያና ወዲህ ታዞረዋለች። የልጅቱ ረጅም ምዕራፍ ተቆራርጦም ያለፈው አንቀጾቹ ራሳቸው የገጽ ግማሽ ስለሚያክሉ፣ ስብራታቸውም ስለበዛ ነው።

ዝርዝርማ ጭራሽ ዓረፍተ ነገር የለውም። ጸሐፊዋ የቢሮውን ዕቃ ራሷ ቆጥራ የጻፈችው በእንግሊዝኛ የተያዘ ዝርዝር ነበራት፤ ጠረጴዛ ይህን ያህል፣ ወንበር ይህን ያህል፣ ቁም ሳጥን ይህን ያህል። ለጠፍነው። ቀዩ ቦግ አለ። «እኔ ነኝ ማሽኑ?» አለችኝ፣ ተቆጥታ። ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት አጀማመር፣ አንድ ዓይነት ቁመት አለው፤ ከጠረጴዛ ቀጥሎ ወንበር እንደሚመጣ ማን አያውቅም? ብርድ ልብስ ይቅረብ ካለ ማገዶ ይቅረብ ይላል። ሰውም ቢጽፈው ማሽንም ቢጽፈው ያው ነው የሚሆነው፤ ከዝርዝር ውስጥ ጸሐፊን ለመፈለግ የሚያስችል ነገር የለም።

ከዚያ የእኔን ለጠፍኩ። ገና ኤአይ የሚባል ነገር ሰው እጅ ሳይገባ በጻፍኩት ጥናት ላይ ያለውን አብስትራክት፣ በጊዜው ሦስት ሰው ያረመውን። ቀይ። እርማት ሲደጋገም መጀመሪያ የሚላጨው ያ መወላገድ ነው። የጻፈው ሰው እንደጻፈ ሊያሳውቅበት የሚችለውን ሁሉ፣ ስሕተት እያልን እኛው እንጠርገዋለን። እኔ በዚህ ሥራ ነው ስም ያገኘሁት።

ጸሐፊዋ አንድ ሌላ ቴሲስ አሳየችኝ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ብቻ የሆነ። ሳየው አወቅሁት። ባለቤቱ ራሱ ማሽን እንዳስጻፈው አምኖልኝ፣ እኔም ተቆጥቼ፣ ተቆጥቼም ሳበቃ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን እያፈረስኩ የሠራሁለት ነው። የሰው እጅ ስለገባበት የሰው መሰለ። የልጅቱን የእኔ እጅ ማሽን አስመሰለው፣ የዚያኛውን ሰው አስመሰለው። ጸሐፊዋ ልትስቅ ስትል ፊቴን አይታ ተወችው።

ሁሉንም ይዤ ኃላፊው ጋ ገባሁ። አንድ በአንድ አሳየሁት። አላቋረጠኝም። ሲያዳምጥ ቆይቶ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መሣሪያው ሊሳሳት እንደሚችል ተቀበለ፣ እንደሚሳሳት ብቻ ሳይሆን የእኛ አጠቃቀም እንዳሳሳተው ተቀበለ። ግን ይህ ሁሉ ኤአይ አልተጠቀመችም ማለት አይደለም፣ አናውቅም ማለት ነው አለ። እውነቱን ነው፣ አመክንዮው ቀዳዳ የለውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ራሷ እንደጻፈችው የሚያሳይ አንድ ነገር አምጪልኝ። ረቂቅ፣ እርማት ያለበት ቅጂ፣ ምንም ይሁን። ያንን ካየሁ ውሳኔውን አሁኑኑ እቀድደዋለሁ። ማን እንዳረመላትም አልጠይቅም።»

መጨረሻ ላይ ያላት ቃል ለእኔ የተባለች መሆኗን ዛሬ አውቃለሁ። አብሮኝ የተማረ ሰው ነው፣ የእኔን ዓረፍተ ነገር ያጣዋል? በር ከፍቶልኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ወጥመድ መሰለኝ። አለመጠየቅ ይቻላል ወይ፣ ስሜ ከእያንዳንዱ ቀይ መስመር ጎን ቆሞ እያለ? ከማስተርስ ክፍል የወጣው ባልደረባችን ትዝ አለኝ። በዚያው ወር የማዕረግ እድገቴ ወረቀት የዚሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ መሆኑም ትዝ አለኝ። እስቲ ልፈልግ አልኩና ወጣሁ።

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፋይሉን ከፈትኩት። እሷ በጥቁር፣ እኔ በቀይ። በቀዩ ሥር የተሰረዘው የእሷ ቃል ሁሉ ይነበባል፤ «በእኔ ልምድ እንዳየሁት»፣ ወንዙ፣ ሁሉም። ዝርዝሩ ላይ አንድም ቀይ የለም፣ ዘጠኙም ጥቁር። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አጠፋሁት። የጠፋ ነገር የሚጠራቀምበትንም ከፍቼ ከዚያም አጠፋሁት። እንደገና ትጽፋለች፣ ዐሥር ቀን አላት፣ ሦስት ቦታ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። እጄን ታጠብኩና ክፍል ገብቼ አስተማርኩ።

በእነዚያ ዐሥር ቀናት ግቢው ካለው የኮምፒውተር ክፍል አልወጣችም። ሳልፍ በመስኮት አያታለሁ፤ አትለምነኝም፣ እኔም አልገባም። አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም፣ ገባሁ። አብስትራክቱን እየለጠፈች ታየዋለች። ቀይ ሲበራ አንድ ዓረፍተ ነገር ትሰብራለች፣ እንደገና ትለጥፋለች። ሰዋስዉን ሆን ብላ ታዛባለች። አረንጓዴ እንዲበራ የማይረባ ቃል ታስገባለች። እኔ ከጥግ ቆሜ፣ የላጨሁትን ሁሉ እሷ ድንጋይ ስትጭንበት አየሁ። ዝርዝሩ በምንም መንገድ እንቢ ስላላት ዘጠኙን መስመር ሰባብራ አንድ ረጅም አንቀጽ አድርጋዋለች። ብርድ ልብሱ የት አለ ብዬ ፈለግኩ። በብዙ ቃል መሃል «አስፈላጊ ቁሳቁሶች» የምትል ቃል ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

«አይዞሽ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

«አሁን አለፈ እኮ መምህር» አለችኝ፣ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች። አረንጓዴ በርቷል።

ኮሚቴው በደስታ ተቀበለ። ኃላፊው ግን ወረቀቱን ሲያሳልፍ ረዘም አድርጎ አየኝ፣ እኔ ደግሞ ሰዓቴን አየሁ።

ዲፌንሷ ሰኔ ሊገባደድ ሲል ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ከውጭ የመጣው ፈታኝ ቴሲሱን አገላብጦ የሜዳ ሥራውን አመሰገነ። አብስትራክቱ ግን የማይነበብ ነው አለ፤ ቋንቋ የሚያይላት ሰው መፈለግ ነበረባት አለ። ምክረ ሐሳቡ ደግሞ ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርም፣ እንደዚህ ያለ ነገር በዝርዝር ነው የሚቀርበው አለ። እሷ ቆማ አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ አለች። ኃላፊው ጣሪያውን አየ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሰማሁት። አለፈች። ማለፊያዋ ግን የመጨረሻው፣ ከመውደቅ በአንድ ደረጃ የሚሻለው ነው። ዲግሪው ተገኘ፣ ወረዳው ውጤት አይጠይቅም፣ ቦታዋ አይነካም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አልናገርም።

ወደ ደባርቅ ልትመለስ ባለችበት ማለዳ ቤቴ መጣች። ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አቁማ ገባች። ሻይ አቀረብኩ፣ ግማሹን ጠጣች። የዞኑን ነገር ጠየቅኳት። ልካለች፣ አንድ ሰው አንብቦ ግልጽ አይደለም፣ አሳጥረሽ ላኪ ብሎ መልሶላታል። እመልስላቸዋለሁ፣ ጤና ጣቢያው ስደርስ ተረጋግቼ እጽፈዋለሁ አለች። ስትናገር ምሬት የለባትም፣ ድካም ነው ያለባት። ምሬት ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር፤ እኔም ተቆጥቼ እገላገል ነበር።

ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ልለምን አለች።

«ያንን ባለቀዩን ቅጂ ይሰጡኛል? ለማንም አላሳየውም። ለራሴ ነው የፈለግሁት» አለች። «እነሱ ሲደጋግሙብኝ፣ ኋላም እየሰበርኩ እየለጠፍኩ ስከርም፣ እውነት እኔ ነበርኩ የጻፍኩት እያልኩ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። የእኔ የቱ እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።»

ኮምፒውተሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ተበላሽቶብኛል ልል እችል ነበር፣ ቫይረስ በላው ልል እችል ነበር፣ ታምነኝ ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

ኃላፊው ማስረጃ አምጪ ባለኝ ቀን እንደሆነ ነገርኳት። ከፋይሉ ላይ ስሜ እንዳይታይ ብዬ እንደሆነ ነገርኳት። ማን እንዳረመም አልጠይቅም እንዳለኝ ጭምር ነገርኳት፣ ምንም አላስቀረሁም። ተቀምጣ ሰማችኝ፣ እናቶቹን ስትሰማ እንደነበረው ሳይሆን አይቀርም፣ ሳታቋርጥ። ስጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ሸጋ» አለች፣ እሺ እንደማለት።

ሻንጣዋን ልያዝልሽ ብዬ ተከተልኳት፣ አልሰጠችኝም። አስፋልቱ ድረስ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ። ባጃጅ አስቆመች፣ ለሹፌሩ መናኸሪያ አለችው፣ ሻንጣውን ራሷ አንስታ አስገባች። ደህና ሁኚ አልኳት። ደህና ይሁኑ መምህር አለችኝ፣ እንደ ወትሮው በአክብሮት።